መዓዛማ ዘይትና የቤት እንስሳት

ከዕፅዋት ተነጥሮ የሚወጣ መዓዛማ ዘይት በኤሌክትሪክ መርጫ ቤት ውስጥ ሲበተን እንስሳትን ሊመርዝ ይችላል። ይበልጥ የሚጎዳው ድመት ነው፤ ጉበቱ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ፌኖል የሚያከሽፍ በቂ ኢንዛይም የለውም። በውሃ የሚሠራ መርጫ የሚተፋው ጉም ፀጉሩ ላይ ያርፋል፤ ድመቱም ገላውን ሲልስ ዘይቱን ይውጠዋል። ቲ ትሪ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ፔፐርሚንትና ለጉንፋን የምንታጠነው ባሕር ዛፍ ሳይቀር አደገኞች ናቸው። ውሻ የተሻለ ቢቋቋምም ቲ ትሪ ይጎዳዋል። ለሃጭ መዝረብረብ፣ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው።

የወፍ የመተንፈሻ አካል እጅግ ስስ ስለሆነ እሷ ባለችበት ክፍል የትኛውም ዘይት ባይበተን ይሻላል። አፏን ከፍታ ስትተነፍስ፣ ጅራቷም ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አየር አጥሯታል ማለት ነው። ያኔ መርጫውን አጥፍተው ንጹሕ አየር ወዳለበት ያውጧት፤ ሳይዘገዩም ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።