የዓይን መቅላት፦ ቀላል ዓይነ ማዝ ነው ወይስ በዕለቱ ሐኪም የሚያስፈልገው?

የዓይን መቅላት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በተለምዶ ዓይነ ማዝ ከሚባለው፣ የዓይንን ነጭ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ነው። አንዳንዴ ግን ሕመሙ ያለው ብርሃን በሚያስገባው የፊተኛው መስታወት መሰል ክፍል (ኮርኒያ) ወይም በዓይን ውስጥ ነው። ያኔ ጥቂት ቀናት መቆየት እይታን ሊያሳጣ ይችላል።

ቀላል ዓይነ ማዝ

አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ ጠዋት ዓይናር ሽፋሽፍትን ያጣብቃል። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ዓይናሩ ሲጠረግ ግን እይታ ይጠራል፤ ከባድ ሕመምም የለውም። በቫይረስ የመጣው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። ዋነኛው ምልክት ማሳከክ ከሆነ አለርጂ ሊሆን ይችላል።

በዕለቱ ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

- ዓይናሩ ከተጠረገ በኋላም የማይጠራ እይታ
- ከመቆርቆር ያለፈ ጥልቅ ሕመም
- ብርሃን ማየት አለመቻል
- በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ
- ራስ ምታትና ማስታወክ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና መሰል ቀለበት መታየት (የዓይን ግፊት በድንገት ሲጨምር)
- ዓይን መመታት፣ ባዕድ ነገር ወይም ኬሚካል መግባት
- ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ወይም አዲስ የተወለደ ሕፃን መሆን

እይታዎን ለመፈተሽ ዓይንዎን ይጥረጉ፣ መነጽር ካለዎት ያድርጉ። ከዚያ ጤነኛውን ዓይን በመዳፍ ሸፍነው በቀላው ዓይን የሞባይል መልእክት ያንብቡ። ከሌላው ዓይን ጋር ሲያነጻጽሩት ከደበዘዘ አይጠብቁ።

አንድ ምሳሌ

ጎሮ አካባቢ የብረት በር የሚሠራ ወጣትን እናስብ። ማክሰኞ ያለ መከላከያ መነጽር በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ አንድ ዓይኑን ቆረቆረው። ረቡዕ ሲቀላ ዓይነ ማዝ መስሎት ከጎረቤት የተረፈ ጠብታ ጨመረ። ጠብታው ዴክሳሜታዞን ስለነበረ ቅላቱ ትንሽ ቀነሰ። ሐሙስ ብርሃን ማየት አቃተው፣ ንባቡም ደበዘዘ። ምክንያቱ ኮርኒያው ላይ የተሰካ የብረት ብናኝና በዙሪያው የጀመረ ቁስል ነው። እንዲህ ያለው ጠብታ ቅላትን ይቀንሳል፣ ነገር ግን በኢንፌክሽን ጊዜ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቁስሉ ተደብቆ ሊስፋፋ ይችላል። ስለዚህ ያለ ዓይን ምርመራ አይጠቀሙበት።

ይህ ወጣት ማክሰኞ ዕለት፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ ዓይን ሕክምና ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና ይታወቃል። የተሰካውን ብናኝ በመርፌ ወይም በጥጥ ለማውጣት አይሞክሩ።

ኖራ፣ ሲሚንቶ ወይም ኬሚካል ከገባ

መጀመሪያ ይታጠቡ፣ ከዚያ ይሂዱ። የዓይንን ሽፋን ከፍተው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ንጹህ ውኃ ያፍስሱበት። የእናት ጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ አይጨምሩ።

ቀላል ከሆነ

በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ዓይናሩን ይጥረጉ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ፎጣ አይጋሩ። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለዎት ይታዩ፤ ከላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ ግን ያንኑ ቀን ይሂዱ።