ቶፉ፦ ለመጥበስ፣ ለሾርባና ለመፍጨት የትኛውን ዓይነት እንምረጥ?

ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ የጾም ምግብ ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በማይበሉበት ወቅት ፕሮቲን ለማግኘት ይጠቅማል። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሱፐርማርኬቶች ታሽጎ ይሸጣል። ሆኖም ዓይነቱ አንድ አይደለም። የማይስማማውን ዓይነት ከመረጡ መጥበሻ ላይ ይፈርሳል፣ ወይም ሲፈጭ አሸዋማ ይሆናል። መዋጥ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ ዓይነቶች በምን ይለያያሉ?

ልዩነቱ በዋናነት የውሃው መጠን ነው። እርጎና አይብን ቢያስቡ ነገሩ ይቀልልዎታል። ለስላሳው ቶፉ እንደ እርጎ በዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጋል፤ ውሃው አይጠልም። ጠንካራው ግን እንደ አይብ ነው፤ የረጋው ተሰባብሮ በጨርቅ ይጣራና ክብደት ተጭኖበት ውሃው ይወጣል። የተጨመቀው ከዚህም በላይ ተጭኖ የደረቀ ነው።

በማሸጊያው ላይ ለስላሳው «ሲልከን»፣ ጠንካራው «ፈርም»፣ የተጨመቀው «ፕረስድ» ወይም «ኤክስትራ ፈርም» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ «ሲልከን ፈርም» የሚል ያገኛሉ። ይህ ጠንከር ያለ ለስላሳ ቶፉ እንጂ ጠንካራው ቶፉ አይደለም፤ ለመጥበስ ከገዙት ይፈርስብዎታል። ከፍተው በጣትዎ ቀስ ብለው ቢጫኑት ለስላሳው ይሰረጉዳል ወይም ይሰነጠቃል፣ ጠንካራው ጫን ሲሉት ተመልሶ ይነሣል፣ የተጨመቀው ግን እንደ ደረቅ አይብ ይቋቋማል።

ውሃው በቀነሰ ቁጥር በአንድ ጉርሻ የሚገኘው ፕሮቲን ይጨምራል። በ100 ግራም ለስላሳ ቶፉ ውስጥ 5 ግራም ገደማ፣ በጠንካራው ከ10 እስከ 15፣ በተጨመቀው ከ15 እስከ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። መጠኑ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ማሸጊያውን ያንብቡ።

ለመጥበስ

ለመጥበስ የተጨመቀውን ወይም ጠንካራውን ይምረጡ። የተጨመቀው ቆርጠው ወዲያው ሊጠበስ ይችላል። ጠንካራውን ግን መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በላዩ ሳህንና አንድ ኪሎ ያህል ክብደት አድርገው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ውሃው ካልወጣ ዘይቱ ይፈነጣጠራል፣ ቶፉውም ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል።

ቁራጮቹን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገው ይቁረጡና በጋለ ዘይት ላይ ያስቀምጧቸው። ለመገልበጥ አይቸኩሉ። በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ውስጥ ታችኛው ጎን ሲቀላ ራሱ ከመጥበሻው ይለቃል፤ ከተጣበቀ ገና ነው ማለት ነው። ለወጥ ከሆነ ጠብሰው ለብቻው ያስቀምጡና በመጨረሻ በቁሌቱ ውስጥ ይጨምሩት። ጥርስ የሌለው ወይም መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ግን የቀላና የደረቀ ቶፉ መብላት የለበትም፤ ውጭው ጠንክሮ ስለሚቆይ በደንብ ላይታኘክ ይችላል።

ለሾርባ

ቅርጹን ይዞ እንዲቆይና እንዲታኘክ ከፈለጉ ጠንካራውን ወይም የተጨመቀውን ሾርባው ሊወጣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቀረው ይጨምሩ። ለስላሳውን ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃዎች ይበቁታል። በማንኪያ እየቀደዱ በዝግታ ያስገቡና አያማስሉት።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይፈጠራል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፒያሳ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ የሚኖሩ የ68 ዓመት እናት ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ አጋጥሟቸው ነበር። ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፣ ክብደታቸውም ቀንሷል። ጾም ስለገባ ልጃቸው ለስላሳ ቶፉ ገዝታ፣ በቀጭን የአትክልት ሾርባ ውስጥ ቆራርጣ ሰጠቻቸው። ቶፉው ለስላሳ ስለሆነ ደኅና ይሆናል ብላ ነበር። እናትየው ግን በየጉርሻው አሳላቸው።

ቶፉው ሳይሆን ሾርባው ነበር ችግሩ። ቀጭኑ ፈሳሽ በፍጥነት ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ቁራጩ ግን ገና በአፍ ውስጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቆጣጠር ጉሮሮው ለደከመ ሰው ከባድ ነው፤ ፈሳሹ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው ቀጭን ሾርባ ከቁራጭ ጋር አይስጡ።

ለመፍጨት

ለመፍጨት ለስላሳው ይመረጣል፤ ያለ ጉድፍ ክሬም ይሆናል። ጠንካራው ብቻ ካለዎት ለ100 ግራም ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረው ረዘም ላለ ጊዜ ይፍጩት፤ ያም ሆኖ ጥቂት አሸዋማ ሊሆን ይችላል። የተጨመቀው ለዚህ አይሆንም።

ለእነዚያ እናት የሚስማማው አሠራር ይህ ነው። 300 ግራም ዱባ በአንድ ኩባያ ውሃ እስኪለሰልስ ይቀቅሉ። ከሙቀቱ በረድ ሲል ዱባውን፣ 200 ግራም ለስላሳ ቶፉና የመቀቀያውን ውሃ ግማሹን ብቻ በብሌንደር ይፍጩ፤ ከወፈረ ቀሪውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። በዱባው ፋንታ ድንች አይጠቀሙ፤ በብሌንደር ሲመታ ሙጫ ስለሚሆን በጉሮሮ ይጣበቃል።

ከመስጠትዎ በፊት በማንኪያ ያውጡት። ማንኪያውን ሲያዘነብሉት ቅርጹን ይዞ ሳይጣበቅ ተንሸራቶ መውረድ አለበት። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጭን ነው፤ ከተጣበቀ ወፍራም ነው። ይህ ግን ሐኪም የሚያደርገውን የመዋጥ ምርመራ አይተካም። ታማሚዋ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በጥቂት በጥቂቱ ይብሉ፤ ከበሉ በኋላም ለ30 ደቂቃ አይተኙ።

በዚህ ድስት ውስጥ ያለው የቶፉ ፕሮቲን 10 ግራም ብቻ ነው። ክብደታቸው 50 ኪሎ ለሆነ፣ ኩላሊታቸው ጤነኛ ለሆነ አዛውንት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ስለዚህ ለስላሳ ቶፉ ብቻውን አይበቃም። በሌላው የምግብ ሰዓት በደንብ የተፈጨ ምስር ወይም ሽሮ ይጨምሩ፤ እነሱም ውፍረታቸው በማንኪያ ይፈተሽ።

ጥንቃቄዎች

የተከፈተ ጠንካራ ቶፉ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ፣ ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ በማቀዝቀዣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ለስላሳው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ማለቅ አለበት። ከኮመጠጠ ወይም ከተዝለገለገ ይጣል።

አኩሪ አተር አለርጂ የሚያስነሣበት ሰው አይብላ። የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ከሆነ በመድኃኒቱና በቶፉው መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይጠብቁ። የኩላሊት ሕመም ካለ የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪም ጋር ይወስኑ።

ወደ ሐኪም መቼ ልሂድ?

ታማሚው ሲበላ የሚያስለው፣ ከበላ በኋላ ድምፁ ውሃ እንዳለበት የሚሰማ ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ከሆነ ሳይዘገዩ ያስመርምሩ። ምግብ ትን ካለው በኋላ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ይሂዱ። መተንፈስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።