አስትሮሳይትና ማይክሮግሊያ

አስትሮሳይትና ማይክሮግሊያ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር የሚገኙ ሕዋሳት ናቸው። ለረጅም ጊዜ የነርቭ ሕዋሳት ረዳት ብቻ ተደርገው ቢታዩም፣ ይህ አስተያየት ሥራቸውን እጅግ ያሳንሳል።

አስትሮሳይት ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት መገናኛ፣ ማለትም ሲናፕስ፣ እንዲፈጠር የሚያግዙ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። የአንጎል በሽታ ተከላካይ የሆነው ማይክሮግሊያ ደግሞ በዕድገት ጊዜ ትርፍ ሲናፕሶችን እየዋጠ ያስወግዳል።

ጉዳት ሲደርስ ሁለቱ እንዴት እንደሚነጋገሩ በግልጽ ያሳየው፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቤን ባሬስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ጥናት ነው። ለብግነት የተነሳሳ ማይክሮግሊያ ሦስት ፕሮቲኖችን ይለቃል። እነዚህ የደረሱት አስትሮሳይት ሲናፕስ መደገፉን ትቶ ነርቭ ገዳይ ይሆናል። የዓይን ነርቫቸው በተጨፈለቀ አይጦች ላይ ሦስቱ ሲታገዱ፣ ሊሞቱ የነበሩት የነርቭ ሕዋሳት ተረፉ።

ይሁንና አስትሮሳይትን በጅምላ ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም። ህብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ አይጦች ላይ ለቁስሉ ምላሽ የሚሰጡት አስትሮሳይቶች ሲወገዱ፣ ብግነቱ ተስፋፍቶ ብዙ ነርቮች ሞተዋል።