የሚሊሴኮንድ ሁለት ዐሥረኛ፤ የመስማት ነርቭ ዕጢ ፍለጋ ታሪክ

ከውስጠኛው ጆሮ ተነሥቶ እስከ አንጎል ግንድ የሚዘልቀው የመስማት ነርቭ ርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከዚህ መንገድ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን የሚያልፈው በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ሲሆን፣ የሚዛን ነርቭና የፊት ጡንቻዎችን የሚያዝዘው ነርቭም በዚያው ቦይ አብረውት ይጓዛሉ። በዚህ ሥፍራ አንዳንድ ጊዜ የካንሰር ጠባይ የሌለው ዕጢ ቀስ ብሎ ይበቅላል። በሕክምናው ዓለም አኩስቲክ ኒውሮማ የሚባለው ይህ ነው። በእርግጥ ዕጢው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሚዛን ነርቭ ሽፋን በመሆኑ፣ የዛሬዎቹ ሐኪሞች ቬስቲቡላር ሽዋኖማ ማለትን ይመርጣሉ።

ዕጢው ካደገ እድገቱ በአብዛኛው በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህም የተነሣ ባለቤቱ ለውጡን በውል አያስተውለውም። አንደኛው ጆሮ ይደክማል፣ ጭው ይላል፤ ሰውየውም የስልኩን እጀታ ወደ ሌላኛው ጆሮ አዛውሮ ኑሮውን ይቀጥላል። ነገር ግን የራስ ቅል የተዘጋ ሣጥን ነው። ዕጢው ከቦይው ወጥቶ የአንጎል ግንድን መጫን ሲጀምር፣ ካንሰር አለመሆኑ ብቻውን ሕይወትን አያድንም። ስለሆነም የዚህ በሽታ ታሪክ በዋነኛነት ዕጢውን ገና ትንሽ ሳለ የማግኘት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው መግለጫ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1777 ነው። የሌይደኑ ሐኪም ኤድዋርድ ሳንዲፎርት በአስከሬን ምርመራ ጊዜ ከመስማት ነርቭ ጋር የተጣበቀ ጠንካራ ዕባጭ አግኝቶ መዘገበ። ከዚያ በኋላ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ዕጢው የሚታወቀው በአብዛኛው ከሞት በኋላ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቀዶ ሕክምና ቢጀመርም፣ ሕሙማኑ ወደ ሐኪም የሚመጡት የማየት ኃይላቸው ከተዳከመና ራስ ምታቱ ከጠናባቸው በኋላ ስለነበር፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከሚታከሙት ውስጥ አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር።

አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቬይ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ነገሮችን አስተማረ። አንደኛው፣ የዕጢውን ውስጥ ብቻ ቦርቡሮ ሽፋኑን መተው ነው። በዚህ ዘዴ የቀዶ ሕክምናው ሞት ወደ 20 ከመቶ ገደማ ወረደ፤ ይሁን እንጂ የቀረው እንደገና ያድግ ነበር። ሁለተኛው የበለጠ ዘላቂ ነው፤ ይኸውም የምልክቶቹ ቅደም ተከተል ነው። ራስ ምታቱና የዓይን ድካሙ ከመምጣታቸው አስቀድሞ የአንድ ጆሮ ድካም እንደሚመጣ ኩሺንግ አሳየ። ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ይሰጥ ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ መሣሪያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ፣ ቀድሞ በጥርስ ሕክምና የተመረቀው የጆሮ ሐኪም ዊልያም ሃውስ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያንና የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕን አጣምሮ በጆሮ አጥንት በኩል ወደ ዕጢው መድረስ ጀመረ። የፊት ነርቭን እያዩ ማትረፍ የሚቻል ሆነ። የዚህ ሥራ ውጤት ግን ከዕጢው ትንሽነት ጋር የተያያዘ ነበርና ጥያቄው ተመልሶ ወደ ልኬት መጣ።

መልሱ ከኤሌክትሪክ ምልክት ልኬት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1971 ጂዌትና ዊሊስተን፣ ጠቅ የሚል አጭር ድምፅ ለጆሮ ሲሰጥ በ10 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ከራስ ቆዳ ላይ ተከታታይ ሞገዶች ሊመዘገቡ እንደሚችሉ በዝርዝር አሳዩ። አምስተኛው ሞገድ ከሁሉም ጎልቶ ይታያል፤ በጤነኛ ሰው ላይ የሚደርሰውም ከ5.5 ሚሊሴኮንድ በኋላ አካባቢ ነው። ችግሩ ግን ቁመቱ ግማሽ ማይክሮቮልት ያህል ብቻ ሲሆን፣ የአንጎልና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ሁከት ከተጣራ በኋላ እንኳ 10 ማይክሮቮልት ሊሆን መቻሉ ነው። መፍትሔው ድምፁን 2000 ጊዜ ደጋግሞ የምላሾቹን አማካይ መውሰድ ነው። ሁከቱ የሚቀንሰው በድግግሞሹ ዳግም ዘር መጠን ስለሆነ 10 ማይክሮቮልት ለ45 ተካፍሎ 0.22 ይሆናል፤ ሞገዱም ከሁከቱ በላይ ብቅ ይላል።

ዕጢው የሚጫነው ነርቭ መልእክቱን ያዘገያል። ስንት ዘገየ ብሎ ለመጠየቅ ግን መነጻጸሪያ ያስፈልጋል። የሞገዱ ጊዜ በራስ ቅል ስፋት፣ በዕድሜና በጾታ ስለሚለያይ አንዱን ሰው ከሌላው ጋር ማወዳደር እምብዛም አይጠቅምም። ሴልተርስና ብራክማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት የተጠቀሙበት መነጻጸሪያ የታማሚው የራሱ ሌላኛው ጆሮ ነበር። ሁለቱ ጆሮዎች የአንድ ራስ ናቸውና ልዩነታቸው ከ0.2 ሚሊሴኮንድ ማለፍ አይገባውም። የመስማት ድካም በራሱ ሞገዱን ስለሚያዘገይ ደግሞ፣ በ4000 ሄርትዝ ላይ ድካሙ ከ50 ዴሲቤል ባለፈ በየ10 ዴሲቤሉ 0.1 ሚሊሴኮንድ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ያህል በግራ ጆሮው በስልክ የሚነገረውን ድምፅ እየሰማ ቃሉን ግን መለየት የተሳነውን አንድ ሰው እናስብ። በ4000 ሄርትዝ የቀኝ ጆሮው ድካም 20፣ የግራው 60 ዴሲቤል ነው። አምስተኛው ሞገድ በቀኝ በ5.6፣ በግራ በ6.2 ሚሊሴኮንድ ደረሰ። ልዩነቱ 0.6 ነው። የግራው ድካም ከ50 በ10 ስለሚበልጥ 0.1 ሲቀነስ 0.5 ይቀራል። ይህ ከወሰኑ በላይ በመሆኑ ሰውየው ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ድካሙ 70 ዴሲቤል፣ ልዩነቱም 0.25 ቢሆን ኖሮ ግን 0.2 ተቀንሶ የሚቀረው 0.05 ብቻ ስለሆነ፣ መዘግየቱ በመስማት ድካሙ ሊብራራ ይችል ነበር።

ዘዴው ወሰን አለው። በትውልድ ሐረግ በሚተላለፍ ሁኔታ ዕጢው በሁለቱም ጆሮ ሲበቅል መነጻጸሪያው ራሱ የታመመ ይሆናል። ትልቅ ዕጢም የአንጎል ግንድን ገፍቶ የጤነኛውን ጆሮ ሞገድ ሊያዛባ ይችላል። ዋናው ድክመት ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች በሆኑት ላይ ይታያል። የአምስተኛው ሞገድ ጊዜ በአብዛኛው የሚወሰነው ከፍተኛ ድምፆችን በሚያደርሱ የነርቭ ክሮች ነው፤ ትንሹ ዕጢ እነዚህን ክሮች ካልነካ ሞገዱ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ወረቀቱም ጤነኛ ይመስላል። በመሆኑም መደበኛ ውጤት ዕጢ የለም ለማለት አያበቃም።

ይህን ክፍተት የሞላው በ1980ዎቹ መጨረሻ ጋዶሊኒየም በተባለ ማቅለሚያ የታገዘው የኤም አር አይ ምርመራ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነውን ዕጢ እንኳ ያሳያል፤ ዛሬም መሣሪያው በሚገኝበት ሁሉ ወሳኙ ምርመራ ነው። ኤም አር አይ በማይደረስበት ሥፍራ ግን የሞገዱ ልኬት ማን አስቀድሞ መላክ እንዳለበት ለመለየት አሁንም ያገለግላል።

የዕጢው በጊዜ መገኘት ሌላ ጥያቄ አስከተለ። ከተገኙት ትንንሽ ዕጢዎች ብዙዎቹ ለዓመታት አያድጉም፤ ስለሆነም ሁሉም አይቀደዱም። አንዳንዶቹ ስቶክሆልም ውስጥ ላርስ ሌክሴል እ.ኤ.አ. በ1969 ለዚህ ዕጢ በጀመረው የተነጣጠረ ጨረር ይታከማሉ፤ ሌሎቹም በየጊዜው ፎቶ እየተነሡ ይጠበቃሉ። በዚህ ጥበቃ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ከልኬት ስሕተት ስለማይለይ፣ በተለምዶ እድገት የሚባለው ቢያንስ የ2 ሚሊ ሜትር ለውጥ ነው። በዚህ ጊዜም ታማሚው የሚወዳደረው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ያለፈ ፎቶ ጋር ነው። ሁለቱ ጆሮዎቹ እኩል አለመስማታቸውን ያስተዋለ ሰው እንግዲህ የመጀመሪያውን ልኬት ራሱ አድርጓል፤ የቀረው ልኬቱን በመሣሪያ ማረጋገጥ ነው።