ፍጥነት የሚነበብበት ቀለበት

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1955 እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ከሰሜን ኢጣሊያዋ ብሬሻ ተነሥቶ፣ ሮምን ዞሮ፣ ብሬሻ ተመልሶ ገባ። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የ«ሚሌ ሚሊያ» የመኪና ውድድር በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሰ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ157 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። የነዳውም ለውድድር በተሠራ መም ላይ ሳይሆን ከተማና ተራራ በሚያቋርጥ የሕዝብ መንገድ ላይ ነው።

የአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ምልክት ባለበት መንገድ ላይ፣ የመኪናው የፍጥነት መለኪያ ባይታመን እንኳ፣ ፍጥነትን በእጅ ሰዓት ማወቅ ይቻላል። የስዊዘርላንዱ ኦሜጋ እ.ኤ.አ. በ1957 «ስፒድማስተር» የተባለውን ክሮኖግራፍ ሲያወጣ ያሰበው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነበር። ታኪሜትር የሚባለው የፍጥነት መስፈሪያ ከዚያ በፊት በሰዓቱ ፊት ላይ፣ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተጨናንቆ ይታተም ነበር። ኦሜጋ አውጥቶ በመስታወቱ ዙሪያ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ቀረጸው። በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የመጀመሪያው የኪሎ ሜትር ምልክት ከጎንዎ ሲደርስ የላይኛውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ረጅሙ ሰከንድ ቆጣሪ ይነሣል። ቀጣዩ ምልክት ሲደርስ ያንኑ ቁልፍ ደግመው ያቆሙታል። ቆጣሪው በቆመበት አቅጣጫ ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር የሰዓት ፍጥነትዎ ነው። በ30 ሰከንድ ከቆመ 120፣ በ45 ሰከንድ ከቆመ 80 ይነበባል። ምስጢሩ አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ መሆኑ ነው፤ ቀለበቱ 3,600ን ለሰከንዱ አካፍሎ መልሱን አስቀድሞ ጽፎታል። ሞስ በአማካይ ፍጥነቱ ቢነዳ አንዱን ኪሎ ሜትር በ22.8 ሰከንድ ያልፈው ነበር። የተነበበው ግን ሁልጊዜ የዚያ ኪሎ ሜትር አማካይ ነው፤ መሐል ላይ ፍሬን ተይዞ እንደሆነ ሰዓቱ አያውቅም።

ቀለበቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው ቁጥሮቹ እኩል እንዳልተራራቁ ያስተውላል። ከ60 እስከ 120 የቀለበቱን ግማሽ ይይዛል፤ ከ200 እስከ 300 ያለው ግን በ6 ሰከንድ ውስጥ ተጣብቧል። የመሣሪያው ድካምም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስፒድማስተር ሞተር በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታል፤ ስለዚህ ቆጣሪው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ ጊዜ አይለይም። የጣት መዘግየት ያንኑ ያህል ቢጨምርበት 120 የነበረው 119 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ ማንም አይጎዳበትም። በ300 ላይ ግን ያው ስሕተት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሳል። መድኃኒቱ ርቀቱን ማስረዘም ነው፦ ሁለት ኪሎ ሜትር ለክተው የተነበበውን በሁለት ቢያባዙ ስሕተቱ በግማሽ ይወርዳል። ሁለቱንም ምልክቶች በአንድ አቀማመጥ፣ በዚያው መስኮት ጠርዝ እያዩ መጫንም ይረዳል። አንገት ሲዘነበል ምልክቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የደረሰ ይመስላል።

ወደ ቀርፋፋው ሲመጡ ችግሩ ይገለበጣል። አንዳንድ የድሮ ሰዓቶች መስፈሪያውን በፊታቸው መሐል እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ጠምዝዘው ስለሚያትሙት ሁለተኛና ሦስተኛ ደቂቃን ጭምር ያስነብቡ ነበር። ቀለበቱ ያለው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ደቂቃ በላይ የፈጀ ነገር አይነበብበትም። እንደ እኔ ግምት ኦሜጋ ለጥራት ሲል ከፍሎ የገዛው ይህን ጉድለት ነው። መውጫው ርቀቱን ማሳጠር ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲሮጥ እያንዳንዱ 200 ሜትር በአማካይ 31.5 ሰከንድ ያህል ወስዶበታል። ቆጣሪው እዚያ ሲቆም ቀለበቱ 114 ገደማ ያሳያል። 200 ሜትር የኪሎ ሜትር አንድ አምስተኛ ስለሆነ ለ5 ሲካፈል በሰዓት 22.8 ኪሎ ሜትር ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሮሌክስ «ዴይቶና» ቀለበት ላይ «አሃዶች በሰዓት» የሚል ተጽፎበታል እንጂ ኪሎ ሜትር አልተባለም። አሜሪካዊው በማይል ምልክቶች መካከል ቢለካ የሚያነበው ማይል ነው፤ በማምረቻ ቤት አንድ ዕቃ በ45 ሰከንድ ተሠርቶ ሲወጣ ያየ ሰው ደግሞ የሚያነበው 80 ዕቃ በሰዓት ነው።