እንግዳን በሁለት ቋንቋ ማስተዋወቅ፦ ከሊቀ ካህናት ጉባኤ እስከ ሐይቅ ዳር መድረክ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አካባቢ ባሉ ጉባኤዎች ሁለት ማይክሮፎን ጎን ለጎን ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የተናጋሪው ነው፣ ሌላው የአስተርጓሚው። እንግዳ ሲመጣ ግን በመጀመሪያ የሚተረጎመው ስብከቱ አይደለም፤ እንግዳውን የምናስተዋውቅበት ንግግር ነው። ያ ንግግር ሁለት ደቂቃ ቢሆንም በትርጉም የሚበላሸው ከስብከቱ ይልቅ እርሱ ነው። ስምን፣ አገርን፣ ዓመትንና ማዕረግን አጭቆ ይይዛልና። እንዴት ሊቃና እንደሚችል ለማየት ታሪኩን ጥቂት እንከተል።

በአካባቢያችን የአስተርጓሚ አገልግሎት የጀመረው ትናንት አይደለም። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቻቸው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ፣ በሆሳዕናና በሲዳማ ሲሠሩ፣ የሕዝቡ ቋንቋና የእነርሱ ቋንቋ የሚገናኙት በሰው በኩል ነበር። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ስለ ሚስዮኖች ሥራ ደንብ አወጣ። ደንቡ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፣ ሚስዮናውያንም አማርኛን እንዲማሩ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ከውጭ የመጣው ሰው አማርኛ ተምሮ ቢናገርም፣ አማርኛ ለማይሰሙ የሲዳማ ገበሬዎች ገና አንድ አፍ ያስፈልግ ነበር። ዛሬም የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ሆኖ፣ በከተማው አማርኛ በሰፊው እየተነገረ፣ የውጭ እንግዳም በእንግሊዝኛ እየመጣ፣ በአንድ አዳራሽ ሦስት ቋንቋ ይገናኛል።

ችግሩ ግን ከእኛ ይልቅ ያረጀ ነው። በነህምያ ምዕራፍ 8 ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ ሌዋውያን ሕዝቡ እንዲያስተውል ያደርጉ ነበር። የአይሁድ መምህራን ይህን የትርጉም መጀመሪያ አድርገው ቆጥረውታል። ከጌታ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ በተሰበሰበው በሚሽና ውስጥ፣ መጊላ በሚባለው ክፍል ምዕራፍ 4 ላይ፣ ለአንባቢው ልክ ተወስኖለታል። ከሕጉ ሲያነብ ለአስተርጓሚው ከአንድ ቁጥር በላይ እንዳያነብለት፣ ከነቢያት ሲያነብ ግን እስከ ሦስት ቁጥር ሊያነብለት እንደሚችል ይደነግጋል። ኋላ የመጡት ተርጓሚዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከሕጉ ፍርድ ስለሚወጣ ስሕተቱ ይከብዳል ይላሉ።

ይህ ልክ ለእኛም ይጠቅማል። ስም፣ አገርና የአገልግሎት ዘመን እንደ ሕጉ ናቸው፤ አንድ በአንድ ይሰጡ። አጭር ታሪክ የምንነግር ከሆነ ግን አስተርጓሚው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አንድ ላይ ቢወስድ ይሻለዋል፤ ታሪክ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ አይጠፋበትም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንይ። በመድረካችን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማስተዋወቂያ ይህን ይመስላል፦

«ከኬንያ የመጡት፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት በአርብቶ አደሮች መካከል ያገለገሉት፣ ሁለት መጻሕፍት የጻፉትና በ2010 ዓ.ም. በከተማችን መጋቢዎችን ያሠለጠኑት፣ ዛሬም እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ቃሉን የሚያካፍሉን መጋቢ እገሌ አብረውን ናቸው።»

በአማርኛ ይህ ያማረ ነው። ነገር ግን የአማርኛ ገላጭ ሁሉ ከስሙ በፊት ይመጣል። ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉመው ወንድም «መጋቢ እገሌ» እስኪባል ድረስ ስለ ማን እንደሚናገር አያውቅም፤ አምስቱንም ነገር በአእምሮው ተሸክሞ ይጠብቃል። ወደ ሲዳምኛ የሚተረጉመው ይቀለዋል፤ ሲዳምኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ፣ ገላጩንም ከስሙ በፊት ያስቀምጣልና። ሸክሙ ግን ያው ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ይወድቅበታል። በተጨማሪ 2010 ሲባል እንግዳው በራሱ አቆጣጠር ይሰማዋል፤ «አምስት ሰዓት» ሲባልም አስተርጓሚው ሳይቀይር በቀጥታ ከተረጎመው እንግዳው እስከ ከሰዓት በኋላ ሊሰብክ ይነሣል።

ያው ሐሳብ ሲሰባበር እንዲህ ይሆናል፦

«ዛሬ እንግዳ አለን።
ስማቸው መጋቢ እገሌ ነው።
የመጡት ከኬንያ ነው።
በዚያ አርብቶ አደሮችን ሃያ ዓመት አገልግለዋል።
ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ከተማችን መጥተው ነበር።
ያኔ መጋቢዎችን አሠለጠኑ።
አሁን ለአንድ ሰዓት ያህል ቃሉን ያካፍሉናል።»

ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይዟል። ዓመተ ምሕረቱ «ከጥቂት ዓመታት በፊት» ሆነ፣ ሰዓቱም በርዝመቱ ተነገረ፤ ስለዚህ የሚቀየር ቁጥር የለም። መጻሕፍቱን ተውናቸው፤ ጉባኤው ሰውዬውን ለመስማት አያስፈልጉትም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አጭር ማለት ዓረፍተ ነገርን መሐል ላይ መቁረጥ አይደለም። በአማርኛ አዎንታውም አሉታውም የሚታወቀው በመጨረሻው ግስ ነው። «እኚህ ወንድማችን ከዚህ በፊት ወደ ከተማችን…» ብለን ቆም ብንል፣ የቸኮለ አስተርጓሚ «ከዚህ በፊት መጥተዋል» ብሎ ይጀምራል። እኛ ደግሞ «…መጥተው አያውቁም» ብለን እንጨርሳለን። ስለዚህ እስከ ግሱ ድረስ እንሂድ፣ ከዚያ እንቁም፣ አስተርጓሚው ሲጨርስ እንቀጥል።

ትርጉሙ እየተበላሸ መሆኑን በጆሮ ማወቅ ይቻላል። እኛ ረጅም ተናግረን አስተርጓሚው በሦስት ቃል ከጨረሰ፣ የወደቀ ነገር አለ። ዘወር ብሎ «ምን አልክ?» ካለ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። በአንዱ ቋንቋ ሲሳቅ በሌላው ዝም ከተባለ፣ ቀልዱ አልተሻገረም። መፍትሔውም ከጉባኤው በፊት ይጀምራል፦ ስሙን፣ ማዕረጉንና የከተማውን ስም በወረቀት ጽፎ ለአስተርጓሚው መስጠት፣ የእንግዳውንም ስም አነባበብ ከራሱ ከእንግዳው መስማት። ሁለት ደቂቃ የምንናገር ከሆነ በትርጉም አራት እንደሚሆን አስበን ግማሹን እንቀንስ።

እንግዳው ራሱም ስለ እርሱ የሚባለውን መስማት አለበት። ለምን እንደሆነ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ በልስጥራ የሆነው ያስተምረናል። ጳውሎስ ከበርናባስ ጋር ሳለ ሽባውን ሲፈውስ፣ ሕዝቡ በሊቃኦንያ ቋንቋ እየጮኸ በራሱ መንገድ አስተዋወቃቸው፤ በርናባስን ድያ፣ ዋናው ተናጋሪ የነበረውን ጳውሎስን ደግሞ ሄርሜን አላቸው። በጊዜው መልስ ሲሰጡ አናነብም፤ የተቃወሙት የድያ ካህን ኮርማዎችና የአበባ አክሊሎች ይዞ መሥዋዕት ሊያቀርብ በተነሣ ጊዜ ነው። ያኔ ልብሳቸውን ቀደው ወደ ሕዝቡ መሐል ሮጡ፤ እንደ እናንተው ሰዎች ነን ብለውም ራሳቸውን ዳግመኛ አስተዋወቁ።

በእኛም መድረክ «ታላቁ የእግዚአብሔር ሰው» ብለን ያከበርነው እንግዳ ካልተተረጎመለት፣ ልክ ያለፈውን ሊያርም አይችልም። ስለዚህ ማስተዋወቂያው ለጉባኤው ብቻ ሳይሆን ለእንግዳውም ይተርጎም፤ ከጎኑ አንድ ሰው ተቀምጦ በጆሮው ይንገረው። በእንግዳው ፊት፣ በሚገባው ቋንቋ ልንናገረው የማንደፍረውን ውዳሴ፣ በማይገባውም ቋንቋ አንናገረው።