ፋርማሲስቱ «አልሸጥም» ሲል፦ የሕሊና እምቢታ እስከ የት ይሄዳል?

በከተሞቻችን ፋርማሲዎች እምቢታ ብዙ ጊዜ «አልሸጥም» ተብሎ በግልጽ አይነገርም። «የለም» ተብሎ ነው የሚታለፈው። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ፋርማሲስቱ «የለም እህቴ» ይላል፤ ደንበኛዋም አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ይህ በብዛት የሚደርሰው በተለምዶ «ፖስት ፒል» የምንለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ሲጠየቅ ነው። ባለሙያው ሙስሊም ሲሆን ምክንያቱ በአብዛኛው ሁለት ነው፦ «ጽንስ ይገድላል» የሚልና «ዝሙትን ማገዝ ይሆንብኛል» የሚል። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስምንት ወር የሞላው ልጇን የምታጠባ ባለትዳር አለች እንበል። የሦስት ወሩ መርፌ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከባለቤቷ ጋር ተገናኘች። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደሴ ፒያሳ ወርዳ ፖስት ፒል ጠየቀች። እስከዚያ 43 ሰዓት አልፏል። «የለም» ተባለች። ሌላ ቦታ መጠየቅ አፈረች፤ እሑድ ከቤት አልወጣችም፤ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሌላ ፋርማሲ ገባች። አሁን 84 ሰዓት ሆኗል። መድኃኒቱ በተሻለ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በቶሎ ሲወሰድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ጥቂት ሊረዳ ቢችልም ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ባንኮኒው ላይ የተነገረችው አንዲት ቃል የወሰደችው ይህን ጊዜ ነው። ጊዜው ባይባክን ኖሮ የሚያስፈልጋት 1.5 ሚሊ ግራም ሊቮኖርጀስትሬል ብቻ ነበር። ባለ 0.75 ከሆነ ሁለቱን ፍሬ አንድ ላይ ትውጣለች፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ትደግማለች። ማጥባቷ አይከለክላትም።

ወደ መጀመሪያው ምክንያት እንምጣ። ሊቮኖርጀስትሬል በዋናነት የሚሠራው እንቁላል ከእንቁልጢ እንዳትወጣ በማዘግየት ነው። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች ብዙም አይጠቅምም። እርግዝና ተፈጥሮ ከሆነም አያቋርጠውም፣ በጽንሱም ላይ ጉዳት ማድረሱ አልታየም። ጽንስ ለማቋረጥ የሚሰጡት ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል የተለዩ መድኃኒቶች ናቸው። ስለዚህ «ጽንስ ይገድላል» ብሎ ፖስት ፒልን የሚከለክል ባለሙያ ሕሊናውን ያቆመው በተሳሳተ መረጃ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ስብሰባ ባልና ሚስት ተስማምተውና ተመካክረው፣ ሸሪዓ የሚቀበለው ምክንያት ኖሯቸው፣ ጉዳት በሌለውና በተፈቀደ መንገድ፣ የተፈጠረ ጽንስ ሳይነካ እርግዝናን ለጊዜው መከላከል እንደሚችሉ ወስኗል። መሠረቱ ሰሐቦች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐዝል ያደርጉ እንደነበር የተላለፈው ሐዲስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ይላል። በኃጢአት መተባበርን የሚከለክለው የሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ ቀልድ አይደለም። ይሁን እንጂ ባንኮኒው ላይ የቆመ ሰው ስለደንበኛዋ የሚያውቀው ነገር ምንድን ነው? ከላይ ያነሳናት እናት ቀለበት ላታደርግ ትችላለች። ሌላዋ ተደፍራ የመጣች ልትሆን ትችላለች። «ባልሽ የታለ?» ብሎ መመርመር ደግሞ ሱረቱል ሑጁራት የከለከለው ክፉ ጥርጣሬና ስለላ ነው። የሚፈቀድም የሚከለከልም አገልግሎት ያለውን ዕቃ መሸጥ፣ ሻጩ የገዢውን ዓላማ ሳያውቅ በግምት ብቻ ሐራም የሚሆን አይመስለንም። ዝርዝር ፈትዋውን ለዑለሞቻችን እንተዋለን። በመደርደሪያው ላይ ያለውን «የለም» ማለት ግን ውሸት ነው፤ ለዚህ ፈትዋ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ እምነትን መግለጽ ግን የሕዝብን ጤናና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል እዚያው ይደነግጋል። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006 ይህንኑ ገደብ በግልጽ አስቀመጠው፦ የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት እንደ ወሊድ መከላከያ፣ በሕግ የተፈቀደ ጽንስ ማቋረጥና ደም መስጠት ያሉ አገልግሎቶችን መከልከል አይችልም። ከብዙ አገሮች ሕግ ጋር ሲነጻጸር ይህ ጠበቅ ያለ ነው። በፈረንሳይ ሁለት የፋርማሲ ባለቤቶች በሐኪም የታዘዘ የእርግዝና መከላከያ አንሸጥም ብለው ተቀጡ፤ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም ደረሱ። ፍርድ ቤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. አቤቱታቸውን አልተቀበለም። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሌላ የትም የማይገኝ ከሆነ ባለሙያው እምነቱን በሌላው ሰው ላይ መጫን አይችልም፣ ከሥራው ውጭ እምነቱን የሚገልጽበት ብዙ መንገድ አለው የሚል ነበር ምክንያቱ።

የሕሊና ጥያቄው በእርግጥ የሚከብደው ጽንስ ማቋረጥ ላይ ነው፤ ይህንን አንክድም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ ሲሆን፣ የእናትን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናትን ጤና አደጋ ላይ ሲጥል፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም እናቲቱ በዕድሜዋ ማነስ ወይም በአካልና አእምሮ ጉዳት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ይፈቅዳል። ለመደፈር የሴቲቱ ቃል በቂ ነው፤ የጤና ባለሙያው ማስረጃ አምጪ ሊላት አይችልም። በፊቅህ ግን ሩሕ ይነፋበታል ከሚባለው ከ120 ቀን በፊት ያለውን ጊዜ በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ የእናትን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ በቀር ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ ሙስሊም ነርስ ሕጉ የፈቀደውን ሁሉ ልቡ ላይቀበለው ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚያዋጣው ሴቲቱ ፊቱ ቆማ ሳለ ሳይሆን አስቀድሞ መናገር ነው። ሲቀጠር ወይም ወደ ክፍሉ ሲመደብ ለኃላፊው ያስታውቅ፤ በዚያው ፈረቃ አገልግሎቱን የሚሰጥ ባልደረባ እንዲመደብ ያድርግ። ይህ በተቋሙ ፈቃድ የሚደረግ ዝግጅት እንጂ ደንቡ የሰጠው መብት እንዳልሆነ ግን ይወቅ። ባልደረባ በሌለበት ሌሊት ዝግጅቱ አይሠራም። ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት ደግሞ፣ ውጭ ምንም አድርጋ ትምጣ፣ «አልነካትም» ማለት ፈጽሞ የለም፤ ሕይወቷን ማትረፍ በሸሪዓም በሕግም ግዴታ ነው።

በሌላ በኩል እምቢ ማለት ግዴታ የሚሆንበት ቦታም አለ፣ ይህም ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም። ሚሶፕሮስቶልን ያለ ማዘዣ የሚጠይቅ፣ የተሰረዘና የተደለዘ ማዘዣ ይዞ የሚመጣ፣ ከሚወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጭ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ፋርማሲስቱ መከልከል አለበት። ለምሳሌ ሪፋምፒሲን ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ፖስት ፒል ብትጠይቅ፣ በተለመደው መጠን ኃይሉ ስለሚቀንስባት እንዲሁ ሸጦ መሸኘት ስህተት ነው። እስከ አምስተኛው ቀን የሚገባው የመዳብ ሉፕ እንደሚሻላት ነግሮ ወደ ጤና ተቋም ይልካታል። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ሙያዊ እምቢታ ምክንያቱ ይነገራል፣ የሚቀጥለው ቦታም ይጠቆማል።

ተደፍራ የመጣችን ሴት በሚመለከት ፖስት ፒል ሸጦ ዝም ማለትም አይበቃም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒትም መጀመር ያለበት በዚያው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት መድኃኒት ፈልጎ ማጣት ምን እንደሆነ የደቡብ ወሎ ሰው ያውቀዋል።

የፋርማሲ ባለቤት የሆነ ወንድማችን ፖስት ፒልን ጨርሶ ላለማስገባት ከወሰነ ቢያንስ «እኛ ጋ የለም፣ ማዶ ያለው ፋርማሲ ጋ ያገኙታል፣ ግን ዛሬውኑ ይውሰዱት» ይበል። ቅጥር ፋርማሲስት ከሆነና መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ካለ ግን ያስተናግድ፤ አወሳሰዱን በዝቅተኛ ድምፅ ይንገራት፣ የወር አበባዋ ከቀኑ ከሳምንት በላይ ከዘገየም የእርግዝና ምርመራ እንድታደርግ ያሳስባት።